ትዕዛዝ ከሰጡ በኋላ ዶላር ቢጨምርስ? የቀሪውን ክፍያ ተመን አስቀድሞ ስለመቁረጥ

ጥያቄ፦ አነስተኛ አስመጪ ነኝ። ትዕዛዝ ስሰጥ 30 በመቶ በዶላር እከፍላለሁ፤ ቀሪውን 70 በመቶ የምከፍለው ዕቃው ተጭኖ የቢል ኦፍ ሎዲንግ ቅጂ ሲደርሰኝ፣ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ነው። በዚህ መሀል ዶላር ሲጨምር ትርፌን ይበላዋል። ባንኩ የቀሪውን ክፍያ ተመን ዛሬ የሚቆርጥ ፎርዋርድ ውል ግባ ይለኛል፤ የሥራ ባልደረቦቼ ደግሞ ዶላሩን አሁኑኑ ገዝተህ አስቀምጥ ይላሉ። የቱ ያዋጣል?

ምላሽ፦

የሚወስነው ዶላር ወዴት ይሄዳል የሚለው ግምት ሳይሆን እጅዎ ላይ ያለው ገንዘብ ነው። ለቀሪው ክፍያ የሚሆን ገንዘብ ዛሬውኑ ካለዎት፣ ባንክ ውስጥም በትንሽ ወለድ የተኛ ከሆነ፣ ሕጉ እስከፈቀደ ድረስ ዶላሩን አሁን መግዛት ብዙውን ጊዜ ይረክሳል። ገንዘቡን መበደር ካለብዎት ግን ፎርዋርዱ ይሻላል። ሁለቱንም በቁጥር እናያቸዋለን። ከዚያ በኋላ የዕቃ መዘግየት ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ተመኑን ሳይቆርጡ ከሚጎዱት ባልተናነሰ፣ ቆርጠውም ቀኑን በመሳሳት የሚጎዱ አሉና።

መጀመሪያ ስንት ገንዘብ ለተመን ለውጥ እንደተጋለጠ ይታወቅ። ትዕዛዙ 80,000 ዶላር ነው እንበል። ቅድመ ክፍያው 24,000 ዶላር ዛሬ ስለሚከፈል ከስጋት ወጥቷል፤ የተጋለጠው ቀሪው 56,000 ዶላር ነው። ዛሬ 1 ዶላር በ100 የአገር ውስጥ ገንዘብ ይገዛል ብለን እንነሳ፤ ከዚህ በኋላ ዶላር ብዬ ያልጻፍሁት ቁጥር ሁሉ የአገር ውስጥ ገንዘብ ነው። ዕቃው በዛሬው ተመን 8,000,000 ይፈጃል፤ ማጓጓዣ፣ ቀረጥና ሌላው ወጪ 800,000 ነው፤ ሽያጩ 9,600,000 ያስገባል። ስለዚህ የታሰበው ትርፍ 800,000 ነው።

አሁን 800,000ን ለ56,000 ያካፍሉ፤ 14.29 ይመጣል። ዶላር 114.29 ሲደርስ ትርፉ አለቀ ማለት ነው። 110 ላይ ቢቆም እንኳ ተጨማሪው ወጪ 560,000 ስለሆነ የሚተርፈው 240,000 ብቻ ነው። ተመኑ 10 በመቶ ሲንቀሳቀስ ከትርፉ 70 በመቶው ይሄዳል። ይህ ስሌት ቀረጡን የማይለወጥ አድርጎ ይዟል፤ በብዙ አገሮች ግን የጉምሩክ ዋጋ የሚሰላው ዲክላራሲዮን በሚቀርብበት ጊዜ ባለው ተመን ስለሆነ ቀረጡም አብሮ ይጨምራል። ፎርዋርዱ የአቅራቢውን ሂሳብ እንጂ ይህንን አይሸፍንም፤ ስለዚህ ቀረጥዎ ከባድ ከሆነ ለእርሱ በመሸጫ ዋጋ ውስጥ ትንሽ መጠባበቂያ ይያዙ።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ስጋቱ የሚጀምረው ፕሮፎርማው ላይ ሲፈርሙ አይደለም። ለደንበኞችዎ ዋጋ ቆርጠው ቃል የገቡበት ቀን ነው የሚጀምረው። ዋጋ ሰጥተው፣ ከአቅራቢው ጋር ሁለት ሳምንት ተከራክረው፣ ከዚያ ተመኑን ለመቁረጥ ባንክ ቢሄዱ ሁለቱ ሳምንታት ያለ መከላከያ አልፈዋል። ለደንበኛ የሚሰጡት ዋጋ የሚጸናበት ቀን ከአቅራቢው ፕሮፎርማ የጸና ቀን መብለጥ የለበትም።

ወደ ፎርዋርዱ እንሂድ። ፎርዋርድ ማለት ዛሬ በተቆረጠ ተመን፣ በተወሰነ ቀን፣ የተወሰነ ዶላር ለመግዛት የሚገባ አስገዳጅ ውል ነው። ተመኑ ከዛሬው ስለሚበልጥ «ባንኩ ዶላር እንደሚጨምር አውቆ ነው» የሚሉ አሉ፤ አይደለም። ልዩነቱ የሚመጣው ከሁለቱ ገንዘቦች የወለድ ልዩነት ነው፤

```
F = S × (1 + r1 × d/360) / (1 + r2 × d/360)
```

እዚህ S የዛሬው ተመን፣ r1 የአገር ውስጥ ገንዘብ ወለድ፣ r2 የዶላር ወለድ፣ d የቀናቱ ቁጥር ነው። የአገር ውስጡ ወለድ በዓመት 12 በመቶ፣ የዶላሩ 4 በመቶ ቢሆን ለ90 ቀን የሚመጣው 100 × 1.03 ÷ 1.01፣ ማለትም 101.98 ነው። ባንኩ የራሱን ጥቅም ጨምሮ 102.40 ቢል የባንኩ ድርሻ 0.42 ነው ማለት ነው። ስሌቱን ይዘው ሲቀርቡ የሚደራደሩት በዚህች 0.42 ላይ እንጂ በ2.40 ላይ እንዳልሆነ ያውቃሉ። ሌላ ባንክም ይጠይቁ፤ ግን ሁለቱንም በአንድ ሰዓት ይጠይቁ። የጠዋትን ዋጋ ከማታ ዋጋ ጋር ማወዳደር ምንም አይነግርም።

በ102.40 ቀሪው ክፍያ 5,734,400 ይሆናል። ከዛሬው ተመን ጋር ሲነጻጸር 134,400 ይበልጣል፤ የተረጋገጠው ትርፍ ታዲያ 665,600 ነው። ይህ ካነሰብዎ መሸጫ ዋጋዎን በ100 ሳይሆን በ102.40 አስልተው ይነሱ። የፎርዋርዱ ትልቁ ጥቅም ለእኔ ይህ ነው፤ ዕቃው ስንት እንደሚያወጣ ገና ሳይጫን ስለሚያውቁ በእርግጠኛ ዋጋ ይሸጣሉ።

ባልደረቦችዎ ያሉትን ደግሞ እንለካው። ዛሬ 56,000 ዶላር መግዛት 5,600,000 ይፈልጋል። ይህን በ15 በመቶ ቢበደሩት የ90 ቀን ወለዱ 210,000 ነው። ዶላሩ በውጭ ምንዛሪ ሂሳብ ላይ 2 በመቶ ቢያስገኝ 280 ዶላር፣ ማለትም 28,000 ይመለስልዎታል። የተጣራው ወጪ 182,000 ስለሆነ ከፎርዋርዱ 134,400 ይበልጣል። ገንዘቡ የራስዎ ቢሆንና ባንክ ውስጥ በ5 በመቶ ወለድ ተቀምጦ ቢሆን ግን የሚያጡት ወለድ 70,000፣ የሚያገኙት 28,000፣ የተጣራው ወጪ 42,000 ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ባልደረቦችዎ ትክክል ናቸው። የራስዎን ሦስት ቁጥሮች፣ የብድር ወለድ፣ የተቀማጭ ወለድ እና የዶላር ሂሳብ ወለድ፣ በቦታቸው ያስገቡና መልሱን ያገኙታል። ከዚህ ላይ ግን አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፤ ያ ገንዘብ ሦስት ወር ቢታሰር በመሀል የሚያመልጥዎ ሥራ አለ? ካለ ወጪው 42,000 አይደለም።

ሦስተኛ መንገድ አድርገው የሚያስቡት ሰዎችም አሉ፤ ለአቅራቢው ሙሉውን ቀድሞ ከፍሎ ቅናሽ መጠየቅ። የተመን ስጋቱ በእርግጥ ይጠፋል፤ በምትኩ ግን ዕቃው ባይመጣ ወይም ተበላሽቶ ቢመጣ በእጅዎ ያለው መያዣ የነበረው 70 በመቶ ይጠፋል። ይህን የማደርገው ለረጅም ጊዜ ከማውቀው አቅራቢ ጋር ብቻ ነው፤ ያኔም ቅናሹ ከፎርዋርዱ ወጪ በግልጽ ሲበልጥ።

ፎርዋርድ ከመፈረምዎ በፊት ባንኩ ምን እንደሚያስይዝዎ ይጠይቁ። አንዳንዱ የብድር ጣሪያ ያለው ደንበኛን ያለ መያዣ ያስተናግዳል፤ አንዳንዱ የውሉን 5 ወይም 10 በመቶ በጥሬ ገንዘብ ያስይዛል። በምሳሌያችን 10 በመቶው 573,440 ነው። ዋናው ጥያቄ ግን የሚቀጥለው ነው፤ ዶላር ቢወርድ ተጨማሪ ማስያዣ ትጠይቃላችሁ? ስንት ሲወርድ? በስንት ሰዓት ውስጥ እንድከፍል? ዶላር ሲወርድ እርስዎ በውድ የቆረጡት ውል ለባንኩ ስጋት ይሆንበታል፤ ስለዚህ የማስያዣ ጥሪ የሚመጣው ዶላር ሲረክስ፣ ማለትም እርስዎ ዘና ባሉበት ሰዓት ነው። ያን ገንዘብ በአንድ ቀን ማቅረብ ያልቻለ ሰው ውሉ በባንኩ ይዘጋበታል፤ ኪሳራውን ከፍሎ ያለ መከላከያ ይቀራል።

አሁን ወደ ቀኑ። አቅራቢው «በ60 ቀን ይደርሳል» ሲል የሚናገረው ስለ ምርቱ ነው። ከዚያ በኋላ የጥራት ምርመራ አለ፣ መርከብ ላይ ቦታ መያዝ አለ፣ ቢል ኦፍ ሎዲንጉ ወጥቶ ቅጂው እስኪላክ ያለው ጊዜ አለ። ምርመራው 7 ቀን፣ የመርከቡ ጥበቃ 10 ቀን፣ ሰነዱ 5 ቀን ቢወስድ 82ኛው ቀን ላይ ነዎት፤ ያውም ምንም ሳይበላሽ። ከዚህ አቅራቢ ጋር ያለፉትን ትዕዛዞች ፋይል አውጥተው፣ ቃል የተገባበት ቀንና ቀሪው በእውነት የተከፈለበት ቀን በስንት እንደሚለያዩ ያስሉ። የፎርዋርዱ ቀን የሚቆረጠው በዚያ ልክ እንጂ በፕሮፎርማው ላይ ባለው ቀን አይደለም።

የ90 ቀን ፎርዋርድ ገብተው ዕቃው 30 ቀን ቢዘገይስ? በ90ኛው ቀን ባንኩ 56,000 ዶላሩን በ102.40 እንዲረከቡ ይጠይቃል፤ የአቅራቢው መዘግየት አይመለከተውም። በዚያ ቀን የገበያው ተመን 94 ሆኗል እንበል። ውሉን ለማራዘም ባንኩ ስዋፕ ይሠራልዎታል። በቀላል አነጋገር፣ ዶላሩን በ102.40 ገዝተው ያንኑ በ94 ይሸጡለትና ለሚቀጥሉት 30 ቀናት አዲስ ፎርዋርድ ይገባሉ። በግዢና በሽያጩ መሀል ያለው 8.40 በ56,000 ሲባዛ 470,400 ነው፤ ይህን በዚያው ቀን በጥሬ ገንዘብ ይከፍላሉ። አዲሱ ፎርዋርድ በዚያው የወለድ ልዩነት ተሰልቶ፣ የባንኩ ድርሻም ተጨምሮ፣ 94.90 ላይ ቢወጣ በ120ኛው ቀን 5,314,400 ይከፍላሉ። ሁለቱ ሲደመሩ 5,784,800፣ ለአንድ ዶላር 103.30 ማለት ነው።

ይህን ቁጥር ቆም ብለው ይዩት። መዘግየቱ ያመጣው እውነተኛ ወጪ በዶላር 0.90 ብቻ ነው፤ መከላከያው ሠርቷል። ችግሩ 470,400ው የሚፈለገው ዕቃው ገና ሳይጫን፣ ከሽያጩ አንድም ሳንቲም ሳይገባ መሆኑ ነው። ብዙ ሰው «ፎርዋርድ አከሰረኝ» የሚለው እዚህ ላይ ነው። ያጋጠመው የገንዘብ እጥረት እንጂ ኪሳራ አልነበረም፤ የተጠየቀውን ለማግኘት ዕቃ በርካሽ ሲያራግፍ ግን እጥረቱ ወደ እውነተኛ ኪሳራ ይለወጣል።

ተቃራኒው ደግሞ የበለጠ ያታልላል። በ90ኛው ቀን ተመኑ 112 ቢሆን በማራዘሙ 537,600 በእጅዎ ይገባል። ትርፍ ይመስላል፤ አይደለም። አዲሱ የ30 ቀን ፎርዋርድ 113.05 ላይ ቢሆን ቀሪው 6,330,800 ነው፤ የተቀበሉት ሲቀነስ በዶላር 103.45 ይመጣል። 537,600ውን ለደመወዝ ወይም ለሌላ ትዕዛዝ ካዋሉት ቀሪውን ሲከፍሉ ይጎድልዎታል። በተለየ ሂሳብ ያስቀምጡት።

«ውሉን በድሮው ተመን ብቻ አራዝሙልኝ» ብሎ መጠየቅም የተለመደ ነው። አብዛኞቹ ባንኮች እምቢ ይላሉ፣ እምቢ ማለታቸውም ተገቢ ነው፤ በድሮ ተመን ማራዘም የተከማቸን ኪሳራ በድብቅ ብድር መሸፈን ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚያድነው የጊዜ መስኮት ያለው ፎርዋርድ ነው። ከ75ኛው እስከ 120ኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ በፈለጉት ቀን፣ በአንድ ጊዜም ሆነ ከፋፍለው በዚያው ተመን ይረከባሉ። ባንኩ መቼ እንደሚወስዱ ስለማያውቅ በመስኮቱ ውስጥ ለእርሱ በሚጠቅመው ጫፍ ይተምነዋል፤ በእኛ ምሳሌ ያ 120ኛው ቀን ስለሆነ ስሌቱ 102.63፣ ከባንኩ ድርሻ ጋር 103.10 ገደማ ይሆናል። ከቁርጥ ቀኑ ውል በ0.70፣ በጠቅላላው በ39,200 ይወደዳል። አቅራቢዎ ቀን አክባሪ ከሆነ ይህን አይክፈሉ። በየትዕዛዙ ሁለት ሦስት ሳምንት የሚያስጠብቅ ከሆነ ግን ስዋፑ በድንገት ከሚጠይቅዎ ጥሬ ገንዘብ ጋር ሲተያይ እጅግ ርካሽ ነው። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን የመጀመሪያውን ፎርዋርድ የምገባው በዚህ ዓይነት ነው።

መጠኑስ? የሚቆረጠው የተረጋገጠው ብቻ ነው። ፕሮፎርማው በብዛት ላይ 5 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ እንዲል ከፈቀደ ለዝቅተኛው ብቻ ይግቡ፤ ለጎደለው በዕለቱ ተመን መግዛት ይቻላል። የተረፈ ውል ግን ዕቃ የሌለው ዕዳ ነው። ኤልሲ የተባለውን የባንክ የክፍያ ዋስትና የሚጠቀሙ ከሆነ «about» ወይም «approximately» የሚል ቃል ከመጠን ወይም ከብዛት ፊት ከተጻፈ የኤልሲ ዓለም አቀፍ ደንብ በሆነው በዩሲፒ 600 አንቀጽ 30 መሠረት 10 በመቶ ልዩነት እንደሚፈቅድ አይርሱ።

ኤልሲን ካነሳን፣ ኤልሲ ከከፈትሁ ተመኑ ተቆርጦልኛል የሚለው እምነት በሰፊው አለ። ኤልሲ የሚያስረው የዶላሩን መጠን ነው፤ የዶላሩን ዋጋ አይደለም። ለመክፈቻ ያስያዙት 30 ወይም 100 በመቶ በአገር ውስጥ ገንዘብ ከተቀመጠና ባንኩ ወደ ዶላር የሚቀይረው ሰነዱ ሲመጣ ከሆነ፣ ሙሉውን አስይዘውም ሙሉ በሙሉ ተጋልጠዋል። መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ ነው፤ «ያስያዝሁት ገንዘብ ወደ ዶላር የሚቀየረው በየትኛው ቀን ተመን ነው?» መልሱን በጽሑፍ ያግኙ። ሰነዱ ከቀረበ በኋላ 90 ወይም 180 ቀን የሚያቆይ የዱቤ ኤልሲ ደግሞ ለካዝናዎ እፎይታ ቢሆንም የተጋለጡበትን ጊዜ በዚያው ልክ ያረዝመዋል።

ኦፕሽን ለአንድ ሁኔታ ብቻ ይጠቅምዎታል፤ ትዕዛዙ ሊቀር የሚችል ሲሆን፣ ለምሳሌ ጨረታ ገብተው ውጤቱን እየጠበቁ ከሆነ። የመግዛት መብት እንጂ ግዴታ ስለሌለው ጨረታው ቢቀር የሚያጡት ቀድመው የከፈሉትን ፕሪሚየም ነው። ተመኑ በዓመት 10 በመቶ ገደማ የሚዋዥቅ ገንዘብ ከሆነ የሦስት ወሩ ፕሪሚየም ከውሉ ወደ 2 በመቶ ይጠጋል። ለተረጋገጠ ትዕዛዝ ይህን መክፈል አይታየኝም። «ፕሪሚየም የሌለው» ተብሎ የሚቀርብ ግን፣ ተመኑ ወደማይመችዎ አቅጣጫ ሲሄድ እጥፍ መጠን የሚያስገድድ ወይም የተወሰነ ተመን ሲነካ የሚፈርስ ውል ከሆነ አይፈርሙ። እ.ኤ.አ. በ2008 በደቡብ ኮሪያ ኪኮ የተባሉት የዚህ ዓይነት ውሎች ብዙ አነስተኛና መካከለኛ ላኪዎችን ከባድ ኪሳራ ውስጥ ከተዋል። ላኪዎች ቢሆኑም ወጥመዱ ለአስመጪም ያው ነው።

ባንክዎ ፎርዋርድ የማይሸጥ፣ ዶላር ገዝቶ ማስቀመጥም የማይፈቀድ ከሆነ የሚቀረው ስጋቱን በውል መካፈል ነው። ከአቅራቢው ጋር ሲስማሙ መነሻ ተመን 100 ብለው ይጻፉ፤ በ98 እና በ102 መሀል ዋጋው አይነካም፤ ከዚያ ያለፈውን ልዩነት እኩል ይካፈላሉ። ተመኑ 110 ቢሆን ከ102 በላይ ያለው 8 ለሁለት ተከፍሎ እርስዎ በ106 ይከፍላሉ፤ አቅራቢው የዶላሩን ሂሳብ በዚያ ልክ ይቀንሳል። አንቀጹ ሦስት ነገር ካልያዘ ጠብ ያመጣል፤ የማን የተለጠፈ ተመን እንደሆነ፣ የመግዣው ወይስ የመሸጫው መሆኑ፣ እና የየትኛው ቀን። ለደንበኛዎም ተመሳሳይ አንቀጽ በሽያጭ ውሉ ላይ ማስገባት ይችላሉ፤ ጅምላ ገዢዎች ከአንድ ቁርጥ ዋጋ ይልቅ በተጻፈ ቀመር መስማማት የማይከብዳቸው ብዙ ናቸው። አቅራቢው በእርስዎ ገንዘብ እንዲያስከፍል ሲጠይቁ ደግሞ ሁለት ፕሮፎርማ ይቀበሉ፣ አንዱ በዶላር አንዱ በአገርዎ ገንዘብ። ሁለተኛው በዛሬው ተመን ሲሰላ ከመጀመሪያው 6 በመቶ ቢበልጥ አቅራቢው ለስጋቱ 6 በመቶ አስከፈለዎት ማለት ነው፤ ፎርዋርድ በ2.40 በመቶ ማግኘት የሚችል ሰው ይህን አይቀበልም፣ የማይችል ሰው ግን ሊቀበለው ይችላል።

ለመጀመሪያው ውል ባንክ ሲሄዱ የተፈረመውን ፕሮፎርማ፣ የቅድመ ክፍያውን ማስረጃ እና የክፍያ ቀኖቹን የያዘ አንድ ገጽ ይዘው ይሂዱ። የመረከቢያውን ቀን ገንዘቡ ከአቅራቢው ዘንድ መድረስ ካለበት ቀን ቢያንስ ሦስት የሥራ ቀን ያስቀድሙት፤ በዕለቱ ተመን የሚደረገው የስፖት ግብይት ራሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠናቀቀው በሁለት የሥራ ቀን ነው፣ በመሀል የሚገባ የአንዱ አገር በዓል ደግሞ ዝውውሩን ያዘገየዋል።